ፎርሙላው ተቀየረ፣ ውሃው ግን ተረሳ

ለቤት ውስጥ የቱቦ ምግብ አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የአባቴን የአመጋገብ ዕቅድ ይመለከታል

አባቴ የሚመገቡት ሆዳቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው። ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። ፎርሙላውንም ዕቅዱንም የምትሰጡን እናንተ ናችሁ።

የመጀመሪያው ዕቅዳችሁ ጥሩ ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ካሎሪ ያለው ፎርሙላ በሰዓት 75 ሚሊ ሊትር፣ ሌት ተቀን ይገባል። በየ4 ሰዓቱ ደግሞ ቱቦውን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አጥባለሁ። ከዚያ ባለሙያችሁ 1.5 ካሎሪ ወዳለው ፎርሙላ ቀየሩልንና ፓምፑ 50 ላይ ሆነ። ካሎሪው ያው በቀን 1800 ነው። ስለ ውሃው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

የመጀመሪያው ፎርሙላ 84 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ከ1800 ሚሊ ሊትር 1500 ያህል ውሃ ያገኙ ነበር፤ ከማጠቢያው 360 ጋር 1860 ይሞላል። አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ውሃው 76 በመቶ ገደማ ነው፤ መጠኑም ወደ 1200 ወርዷል። ማጠቢያው ተጨምሮ እንኳ 1270 ቢሆን ነው። ልብና ኩላሊታቸው ደህና ስለሆነ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1800 ያስፈልጋቸው ነበር። በየቀኑ ግማሽ ሊትር ጎደለባቸው ማለት ነው።

በሳምንቱ ምላሳቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አራት ቀን ሰገራ አልወጡም። ሽንታቸው የጠቆረ ሻይ መሰለ። ስደውልላችሁ «ፎርሙላው አልተስማማቸውም፣ ፍጥነቱን ወደ 30 አውርጂው» ተባልኩ። ኧረ አላስታወካቸውም፣ ሆዳቸውም ለስላሳ ነው ብዬ ነበር! ስለ ሽንታቸው የጠየቀኝ ሰው የለም። 30 ላይ ሲሆን ካሎሪው 1080፣ ውሃው ደግሞ 900 ገደማ ሆነ። የተጠሙትን ሰው ይባስ አስጠማናቸው። በሦስተኛው ቀን ስሜን ሲሳሳቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የደማቸው ሶዲየም ከልክ በላይ ወጥቶ 152 ደርሶ ነበር።

እዚያ ውሃውን ቀስ እያሉ፣ ሶዲየሙን እየለኩ መለሱላቸው፤ በአንዴ ቢወርድ አንጎልን ይጎዳል። ፎርሙላውን አልቀየሩትም። ከ30 ጀምረው በየ8 ሰዓቱ 10 እየጨመሩ 50 አደረሱት። ሲጨምሩ ማስታወክና የሆድ መነፋት መኖሩን ያዩ ነበር። በየ4 ሰዓቱ የሚገባው ውሃ 150 ሚሊ ሊትር ሆነ። አሁን ሽንታቸው ፈዛዛ ቢጫ ነው። ስሜንም በትክክል ይጠሩኛል።

ስለዚህ ፎርሙላ በቀየራችሁ ቁጥር የቀኑ ጠቅላላ ውሃ ተሰልቶ ከፍጥነቱ ጎን በጽሑፍ ይሰጠኝ። ፍጥነት ቀንሱ ከማለታችሁ በፊትም ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞቻችሁ ስለ ሽንት፣ ስለ አፍ ድርቀትና ስለ ሰገራ ይጠይቁ። ያ ምክር በምን ላይ ተመሥርቶ እንደተሰጠኝም በደብዳቤ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አስታማሚ ልጃቸው