ልጅሽ ፋሲካን ቤተ ክርስቲያን አደረች

ውዴ፣ እንዴት ከረምሽ?

መጥፋቴን አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻል፤ ስለዚህ ተቻችለን እንለፈው። ስድቡን በስልክ ታወርጂብኛለሽ። የጻፍኩልሽ ስለ አባዬ ነው። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከክርስትና ልጅሽ ነው።

ዘንድሮ የፋሲካን ሌሊት ከአያቶቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን አደረች። የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ቤት ዶሮ ወጥ ላይ ተጥጄ ነበር፤ የምነግርሽን የሰበሰብኩት ከሦስት አፍ ነው። ሦስቱም አይገጥሙም።

ዓርብ፣ ስቅለት ዕለት፣ ከእማዬ ጎን ሆና ስትሰግድ ዋለች። ማታ ላይ ካህኑ ጀርባዋን በወይራ ቸብ ቸብ ሲያደርጓት በሳቅ ሞተች አሉ። ቅዳሜ ደግሞ እማዬ አክፍሎት ላይ ናት፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ልጅሽ «እኔም አክፋይ ነኝ» ትላለች፣ ዳቦ እየገመጠች። ጠዋት የታደለውን ቄጤማ ግንባሯ ላይ አስራ አልፈታም ብላ ዋለች። ከሰዓት አስተኝተናት ነበር፤ ማን ይተኛል!

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሄዱ። ውስጡ ሞልቶ ቅጽሩ ውስጥ ጋቢ አንጥፈው ተቀመጡ። ብዙም ሳትቆይ አባዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ጣላት። እማዬ «ወደ ቤት እንመልሳት» ብላ ነበር። እሱ ግን «ከበሮው ሲመታ ቀስቅሰኝ» የሚል አደራ ነበረበት። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል አይነኩም አይደል? ይህን ሲነግራት ነው የከረመው። ከበሮው ድም ሲል ቀሰቀሳት። እማዬ እንደምትለው እያለቀሰች ተነሳች። አባዬ እንደሚለው እያጨበጨበች። እሷ ደግሞ አልተኛሁም ባይ ናት።

ከዚያ ጧፍ ይለኮስ ጀመር። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ። ለልጅሽም ሰጧት። ቀጥ አድርገሽ ያዢ ቢሏት ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው፤ ጧፉ ወደ ፊት አዘነበለና ከፊቷ የቆሙትን ሴትዮ የነጠላ ጥለት ላሰው። እማዬ በመዳፏ ጨፍልቃ አጠፋችው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ቄሱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ። ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ መለሰ። ምልልሱን አባዬ ጾሙን ሙሉ ሲያስጠናት ነበር፤ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ግን አልነገራትም። የሕዝቡ «አግዓዞ ለአዳም» ነው፤ እሷ ቄሱን ቀድማ «አሠሮ ለሰይጣን!» ብላ ጮኸች። ዙሪያው ሁሉ ሳቀ። አባዬ እስካሁን ለጎረቤት ያወራዋል። እሷም ይኸው ድመቷን ባሰረች ቁጥር አሠሮ ለሰይጣን ትላለች።

ቀጥላ እንደ ዓርቡ ልስገድ ብላ በግንባሯ ልትደፋ ስትል እማዬ ያዘቻት። «ከዛሬ ጀምሮ 50 ቀን ስግደት የለም።» «ታዲያ ዓርብ ለምን አደከማችሁኝ?» አለቻት። ይሄ ነገር አንቺን አይመስልም?

ወደ 9 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ስከፍት አባዬ አዝሏታል። ጋቢው ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል፤ እጇ መቋሚያውን አልለቀቀም። እማዬ ተልባዋን ጠጥታ ጾሟን ፈታች። አባዬ ግን ሳይበላ ተቀመጠ። ጫማው አልወልቅ አለው። እግሩ አብጦ ነበር።

ብዙ አትቁም ተብሏል፣ በሐኪም። ቅዳሴውን በሙሉ መቋሚያው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ በዚያ ላይ ልጅ አዝሎ ዳገቱን ወጣ። ስቆጣው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የቆምኩት እኔ፣ ያመመው አንቺን።» ይባስ ብሎ ለከተራ ጃን ሜዳ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። የጥር ብርድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ታቦታቱ ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ እነሱ ሜዳ ላይ።

እንዴት ልበልሽ... አትሂድ ማለት አልቻልኩም። እኔን ልጅ እያለሁ አንድም ሌሊት ይዞኝ አላደረም፤ የሌሊት ሥራ ነበረበት፣ ታውቂያለሽ። ልጄን አዝሎ ሳየው ደስ አለኝ። ትንሽም ቀናሁ። ለሌላ ሰው አታውሪ።

አንቺን ግን ይሰማል። መነጽሩን እንኳ ያደረገው አንቺ ስለተቆጣሽው ነው። አትሂድ አትበይው። ዱካ ይዞ እንዲሄድ፣ ማሕሌቱን ተቀምጦ እንዲሰማ፣ ልጅቷን እንዳያዝል ንገሪው። እኔ ነገረችኝ ካልሽ ግን አለቀልኝ።

ከሰዓት በኋላ ደውይለት፤ ጠዋት ጸሎት ላይ ነው። ልጅሽ ስልኩን ከቀማችው አሠሮ ለሰይጣን ሳትልሽ አትሰጠውም። መልሱ አግዓዞ ለአዳም ነው፤ ከተሳሳትሽ ታርምሻለች።