ወደ ኋላ የሚዞር ፈረቃ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሌሊት ጣቱን ማሽን የያዘው ሠራተኛ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ «በጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ይታለፋል። ከነቃ ስንት ሰዓት ሆኖት ነበር? በተከታታይ ስንተኛ ሌሊቱ ነበር? መዝገቡ አይጠይቅም። እኛ አስቀድመን የምናየው የፈረቃ ሰሌዳውን ነው።

ከቡሬ እስከ ደጀን ባለው መስመር፣ ሌትና ቀን የማይቆም ፋብሪካ በሦስት ቡድን ይሠራል እንበል፤ ከጧቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ዙሩ ወደ ኋላ ከሆነ ከሰዓት ሠርቶ ምሽት 4 ሰዓት የወጣው ሰው በማግስቱ 12 ሰዓት ይገባል። በመሀል ያለው 8 ሰዓት ነው። ሰርቪሱ፣ ራቱና የጧቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢወስዱበት የሚተኛው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ዙሩ ወደ ፊት፣ ማለትም ከጧት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያም ወደ ሌሊት ቢሆን በእያንዳንዱ ቅያሪ 24 ሰዓት ያገኝ ነበር።

ሌላው ችግር ሒሳብ ነው። የሳምንቱ 168 ሰዓት ለሦስት ሲካፈል 56 ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው መደበኛ ሰዓት 48 ስለሆነ፣ ሰው ሳይጎድል ገና 8 ሰዓት ትርፍ ሥራ አለ። አንዱ ለቅሶ ከሄደ ባልደረባው ደርቦ 16 ሰዓት ይቆማል። አዋጁ የቀረን ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት መተካትን ቢፈቅድም በቀን ከ4 ሰዓት አያሳልፍም። ስለዚህ የጎደለውን ፈረቃ ከፊተኛውና ከኋለኛው ቡድን ሁለት ሰው አራት አራት ሰዓት ተካፍሎ ይሸፍነው።

ዘላቂው መፍትሔ አራተኛ ቡድን ነው። ሁለት ቀን ጧት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት፤ ዙሩ በ8 ቀን ያልቃል፣ አማካዩ በሳምንት 42 ሰዓት ነው። ከመጨረሻው ሌሊት በኋላ 48 ሰዓት ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ይህን አንዳንዴ የሚቃወሙት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ ይቀርባቸዋላ። ስለዚህ ሰሌዳው ከመለጠፉ በፊት በደመወዙ ላይ መስማማት ይገባል።

እንቅልፍ የሚከብደው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው። የተዘጋ ማጓጓዣ ቀበቶ ማጽዳት፣ ታንከር ውስጥ መግባትና የኤሌክትሪክ ጥገና ካልቸኮሉ ለጧት ይቆዩ። ማሸለብ ከተፈቀደ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ድንዛዜው እስኪለቅ ሩብ ሰዓት ሳያልፍ ግን ማሽን አይነካ።

በሁዳዴ ደግሞ የሚጾመው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህል ውኃ አይቀምስም። የምግብ እረፍቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከተደረገ ለእርሱ ዋጋ የለውም። በጾም ወራት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁንለት።

የሥራ ላይ ደህንነት ባለሙያዎች፣ ደብረ ማርቆስ