ስለ ሽፈራው ሻይ ካፕሽን

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣

ሰሞኑን አንዷ አባላችን የሽፈራው ሻይ ልታስተዋውቅ ካፕሽኑን አሳየችን። ሻጩ ጽፎ የሰጣት «ስኳርን በ21 ቀን ከሥሩ ይነቅላል!» ይላል። አንድ የስኳር ታማሚ ይህን አምኖ ኢንሱሊኑን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። «ብዙዎች ተፈውሰውበታል» ብሎ ማለዘብም አያዋጣም። ያው የፈውስ ተስፋ ነው፣ በሌላ ሰው አፍ ተነገረ እንጂ። ካፕሽኑ ላይ ያቆየነው እሷ ራሷ የምታውቀውን ብቻ ነው፦ «ከደረቀ የሽፈራው ቅጠል የተዘጋጀ። ጠዋት ጠዋት በሎሚ እጠጣዋለሁ። መድኃኒት አይደለም።» ሻጩ ትንሽ አኩርፎ ተቀበለ።

ክፍያውስ? «ብር አልተቀበልኩም፣ አምስት ፓኬት ብቻ ነው የሰጡኝ» አለች። እሱም ክፍያ ነው። ስለዚህ ካፕሽኑ «ማስታወቂያ፦» ብሎ ይጀምር። መጨረሻ ላይ ሃሽታግ ውስጥ ከተሸጎጠ ካፕሽኑን ዘርግቶ ያላነበበ ሰው አያየውም። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት የማስታወቂያ ማሳወቂያውን አብርታችሁ Branded content የሚለውን ምረጡ።

«ቤት ቁጭ ብላችሁ በወር 30 ሺህ ብር» የሚል ካፕሽን ከመጣላችሁ ደግሞ ማን እንዳገኘው፣ ስንት አውጥቶ እንዳገኘው ጠይቁ። መልሱ በማስረጃ ካልመጣ ቁጥሩ ይውጣ።