ለሐሙሱ ልምምድ፦ የ15 ደቂቃው ክፍፍል

ሰላም ልጆች፣ የባቡሩን ፕሬዘንቴሽን በሰዓቱ እንድንጨርስ ክፍፍሉን ዛሬ እንወስን። 15 ደቂቃ ሲሞላ መምህር ያስቆሙናል።

አራት ነን። ለእያንዳንዳችን 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይድረሰን፤ ድምሩ 13:20 ይሆናል። ሦስቱ ቅብብሎች እያንዳንዳቸው በ10 ሰከንድ ቢያልቁ 13:50 ነው። የቀረው 1:10 ለፕሮጀክተሩና ለመንተባተብ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው።

በስላይድ ብዛት አንከፋፈል። ባቡሩ ሐረር ሳይወጣ ለምን ድሬዳዋ ላይ እንደቆመ የሚያሳየው ካርታ አንድ ስላይድ ነው፤ ግን ተራራውንና ወጪውን ማስረዳት ብቻውን 2 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ካርታውን የያዘ ሰው ሌላ አንድ አጭር ስላይድ ብቻ ይጨመርለት።

አንዱ ሲያረዝም የሚጎዳው ሁሌም የመጨረሻው ተናጋሪ ነው። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም። ያረዘመ ሰው ከራሱ ክፍል ይቁረጥ። ለዚህም እያንዳንዳችሁ ቢዘለል ሐሳቡን የማያፈርስ አንድ ምሳሌ አስቀድማችሁ በእስክሪብቶ ክበቡ። ቀጣዩ ተናጋሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልኩ ላይ ሰዓት ይይዛል፤ 1 ደቂቃ ሲቀር ወረቀት ያነሳል። ወረቀቱ ሲነሳ ገና ግማሽ ላይ ከሆናችሁ የተከበበውን ዝለሉት።

ልምምዱ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ክፍላችን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ክፍላችሁን ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ለኩት። በልብ ማንበብ ይፈጥናል፣ ያታልላል።

የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጉና ስትለኩት ስንት ደቂቃ እንደወጣ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።