ለባሕር ዳር ሱቅ አከራይ አባላት፦ ወር ሳይሞላ ለሚገባ ተከራይ

ውድ አባላት፣ የክፍያ መጠየቂያውን በየወሩ በራሱ በሚያወጣ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ይህችን ልብ በሉ።

ጣና ዳር ያለ ሱቅ በወር 9,000 ብር ተከራየ እንበል፤ ተከራዩ ቁልፍ የተቀበለው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ነው። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ የቀኑ ኪራይ 300 ብር ይሆናል። ከ12 እስከ 30 ያለው፣ የገባበት ቀን ሲቆጠር፣ 19 ቀን ነው፤ ሒሳቡም 5,700 ብር። ከ30 ላይ 12 ቀንሶ 18 የሚል ሰው የመጀመሪያውን ቀን ረስቶ 300 ብር ያጣል፤ የተለመደ ስሕተት ነው።

ፕሮግራሙ ግን በፈረንጅ ወር ነው የሚያስበው። ጥቅምት 12 ለእሱ ኦክቶበር 22 ስለሆነ እስከ 31 ድረስ 10 ቀን ቆጥሮ 2,903.23 ብር ያወጣል፤ ቀጣዩን ደግሞ ኖቬምበር 1 ማለትም ጥቅምት 22 ላይ ይልካል። ተከራዩ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ወር ያልሞላውን በራሱ የሚያሰላበትን ምርጫ አጥፉና የመጀመሪያውን መጠየቂያ በእጅ አውጡ። መግለጫው ላይ «ከጥቅምት 12 እስከ 30፣ 19 ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ተደጋጋሚው ከኅዳር 1 (ኖቬምበር 10) ይጀምር፤ ድግግሞሹም «በየወሩ» ሳይሆን «በየ30 ቀኑ» ይሁን። በየወሩ ካላችሁት ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል ከዚያ ጀምሮ መዛነፍ ይመጣል።

ጳጉሜን ግን ይህንንም ያበላሻል። እንደ ልማዳችን የጳጉሜን ኪራይ ካልጠየቃችሁ 10 መጠየቂያ ብቻ፣ እስከ ነሐሴ፣ እንዲያወጣ ወስኑና መስከረም 1 ላይ አዲስ ክፈቱ።