የሌሊቱን ስልክ ማን ያነሳል?

ውድ አዘጋጅ፣

እናቴ የዓይን ሞራ እንዳለባቸው ሲነገረን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እህቴ «በግል ክሊኒክ በሳምንት ውስጥ ያልቃል» አለች። እኔ ዋጋውን ሰምቼ ወደ መንግሥት ሆስፒታል አዘነበልኩ። እዚያ ቀጠሮው ከአራት ወር በኋላ ነበር።

የክሊኒኩን የዋጋ ወረቀት ቁጭ ብለን ስናየው ቀዶ ጥገናውና ሌንሱ ብቻ ናቸው የተጻፉት። የዓይን ልኬቱ፣ ለሳምንታት የሚደረገው ጠብታ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ያለው ክትትል ለየብቻ ይከፈላል። ስንደምረው ግማሽ ያህል ጨመረ። ሆስፒታሉም ቢሆን ጠብታውን ከውጭ ግዙ ይላል፤ ብቻ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የገረመኝ ግን ሌንሱ ነው። በቀዶ ጥገናው የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ይተካል። ተራው ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ነው የሚያጠራው። ብዙ ሰው ለሩቅ ያስደርገውና ለንባብ መነጽር ይይዛል። ክሊኒኩ ያቀረበልን «ከመነጽር የሚገላግለውን» ውዱን ነበር። እናቴ ደግሞ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ አለባቸው። ውዱ ሌንስ ብርሃኑን ለሩቅና ለቅርብ ስለሚከፋፍል ነገሮች ከኋላቸው ካለው ነገር ጎልተው አይለዩም። ግላኮማም የሚቀንሰው ይህንኑ የመለየት ችሎታ ነው። ለእሳቸው ዓይን ተራው ይሻል ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረን የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፤ ያውም ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ በሁለት ደቂቃ።

ስለዚህ ጠበቅን። ሞራ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለአብዛኛው ሰው ጥቂት ወር መቆየት ዓይን አያጠፋም። በጣም ከበሰለ ግን ይጠነክራል፣ ሥራውም ይከብዳል። እኔ ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነበር፦ በሦስተኛው ወር እናቴ ማታ ደረጃ ስተው ወደቁ። ክንዳቸው ተልጦ ብቻ ተረፉ። እህቴ ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ይባስ ብሎ በቀጠሯቸው ቀን «በልካቸው የሚሆን ሌንስ አልቋል» ተባልንና ሁለት ሳምንት ተገፋን።

ቀዶ ጥገናው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዓይናቸውን ብቻ አደንዝዘው ነው የሠሩት። ስንወጣ ነርሷ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችን፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ሳታድሩ ኑ። ውስጡ ካመረቀዘ አንድ ሌሊት እንኳ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። ክሊኒኩን ቀደም ብለን «ሌሊት ቢያማቸውስ?» ስንለው «ጠዋት ትመጣላችሁ» ነበር መልሱ። የሕንፃውን ውበትና የወንበሩን ምቾት ስናደንቅ ይህን መልስ ቸል ብለነው ነበር። ሆስፒታሉ፣ ወረፋው ቢበዛም፣ ሌሊትም ተረኛ ሐኪም አለው።

አሁን ግራው ዓይን ቀርቷል። እህቴ ክሊኒኩን እንደገና አንስታለች። ደረጃው ትዝ ስለሚለኝ አልተከራከርኳትም። ተራው ሌንስ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ የሌሊቱንም ስልክ ቁጥር አምጪ ብያታለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ