ያን ጥቁር መነጽርህን አይቼው

ሶል ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ከገባን ወዲህ ነገሩ ሁሉ ሩጫ ሆነብኝና ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ ግን ቴሌግራም ላይ አይሱዙህን ተደግፈህ የተነሳኸውን ፎቶ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። መነጽርህ ከሰል ነው የሚመስለው።

እኔም እንደሱ ዓይነት ነበረኝ፣ ታክሲ ተራ ከሚያዞር ልጅ ነው የገዛሁት፣ "ዩቪ 400" የሚል ስቲከር ተለጥፎበት። አንድ ቀን የባለቤቴ መነጽር ብሎን ወልቆ መነጽር ቤት ስናሠራ ልጅቷን እስቲ የኔንም እይልኝ አልኳት። ትንሽ መለኪያ አላቸው፣ ሌንሱን መሃሉ ስታስገባው ዩቪው፣ ያ ዓይን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር፣ 38 ፐርሰንት ያልፋል አለ። ቀጥላ የባለቤቴን ነጭ መነጽር አስገባች፣ ዜሮ! ጥቁሩ አሳልፎ ነጩ ከለከለ፣ እኔ ደርቄ ቀረሁ።

ለካ ጥቁረቱ የሚቀንሰው በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው። ዩቪ አይታይም፣ እሱን የሚይዘው ሌንሱ የተሠራበት ነገር ወይም የተጨመረበት ማጣሪያ ነው፣ ቀለሙ አይደለም። እንደውም ጨለማው ሲያታልለው ብሌንህ ይሰፋል፣ ዓይንህን ማጨንቆርም ትተዋለህ፣ ዩቪው በሰፊ በር ሰተት ብሎ ይገባል። ደሞ የኛ አገር ከፍታው አለ፣ በየ1000 ሜትሩ ዩቪ 10 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ዓመታት ሲጠራቀም ሞራም፣ ዓይን ላይ የሚበቅለው ሥጋም ይመጣል። ዩቪ 400 ማለት እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ይከለክላል ማለት ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ስቲከር ማንም ይለጥፋል፣ መለኪያው ላይ ማስገባት ነው።

ፖላራይዝድ የሚሉት ሌላ ነገር ነው፣ ዩቪ የሚከለክለው እሱ አይደለም። እሱ የሚያጠፋው ከእርጥብ አስፋልትና ከፊትህ ካለው መኪና መስታወት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ነጸብራቅ ነው፣ ጠዋት ወደ አዳማ ስትወርድ ፀሐዩ ፊት ለፊት ሲመታህ ታውቀው የለ? ላንተ ሥራ በጣም ይጠቅማል። ለመሞከር የስልክህን ስክሪን በመነጽሩ እያየህ መነጽሩን ቀስ እያልክ አዙረው፣ የሆነ ቦታ ላይ ስክሪኑ ከጨለመ ፖላራይዝድ ነው፣ ምንም ካልተለወጠ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ስልክ ግን ስለማይጨልም በሌላም ስክሪን ሞክረው። አንዳንድ መኪና ላይ የዳሽቦርዱን ስክሪንም ሊያጨልምብህ ስለሚችል ሳትገዛው መኪና ውስጥ ገብተህ እየው።

የጥቁረቱ ደረጃ ዘንጉ ውስጥ ከተጻፈ ቁጥሩን እይ፣ ለቀን መንዳት 3 ይበቃል፣ 4 ከሆነ እንዳትነዳበት፣ ከመጠን በላይ ጨለማ ነው።

ቅዳሜ ከአዳማ ስትመለስ ከክፍያ መንገዱ እንደወጣህ ደውልልኝ፣ መነጽሩን እንዳትረሳ፣ መጀመሪያ እናስለካውና ከዛ ቤት ቡና ይፈላል።